ሐይቅ ላይ ቤት እንግዛ ወይስ ኪራዩን እንቀጥል?

ሰኔ ሲገባ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አከራይም በር ያንኳኳል። "ዘንድሮ ሁሉም ነገር ጨምሯል፣ እናንተም ከሐምሌ ጀምሮ ትንሽ ጨምሩበት" ይባላል። የዚያን ዕለት ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ያላቸውን ገንዘብ ይቆጥሩና "እስከ መቼ ለሰው ኪስ እንከፍላለን?" የሚለው ጥያቄ ይነሳል። እኛም በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ሦስት ግቢ ቀይረናል። ጥያቄውን ከሩቅ ሆነን አናውቀውም።

ከጁምዐ በኋላ ወጣት አባወራዎች ይህንኑ ጉዳይ ሲያነሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ "የራስ ጎጆ ይሻላል" የሚል ነው። መልሱ ስህተት ባይሆንም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያስራል። አንደኛው የት እንኑር የሚል ነው። ሁለተኛው ያጠራቀምነውን ብር በምን መልክ እናስቀምጥ የሚል ነው። ሐይቅና አምባሰል አካባቢ ወጣት ቤተሰቦች ጥሪታቸውን ሲያጡ ያየንባቸው መንገዶች አብዛኞቹ ሁለቱን በአንድ እርምጃ ለመመለስ ከመቸኮል የመጡ ናቸው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው ናቸውና አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። ባል ያስተምራል፤ ሚስት ልብስ ትሰፋለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። ከአንድ ግቢ ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ በወር 4,000 ብር ተከራይተዋል። ከኪራይና ከቀለብ በኋላ በወር 5,000 ብር ይተርፋቸዋል። ሚስት ዐረብ አገር ሠርታ ያመጣችውና ከዕቁብ የወጣው ተደምሮ እጃቸው ላይ 600,000 ብር አለ። ከዋናው የደሴ መንገድ ገባ ብሎ ደግሞ ካርታ ያለው መጠነኛ ቤት በ1 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ለሽያጭ ቀርቧል።

መጀመሪያ ዋጋውን ከኪራዩ ጋር እናስተያየው። ያ የሚሸጠው ቤት ራሱ ቢከራይ በወር 5,000 ብር ያወጣል እንበል። በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። 1 ሚሊዮን 600 ሺሕ ብር ለዚህ ሲካፈል ወደ 27 ይመጣል። ገዢው የ27 ዓመት ኪራይ በአንድ ቀን እየከፈለ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይከፍላል? ቤቱ መኖሪያ ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በባንክ የተቀመጠ ብር በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደሚሳሳ ሁሉም አየ። ሙስሊሙ ቁጠባውን ከወለድ ነፃ በሆነ የአደራ ሒሳብ ሲያስቀምጥ ምንም አይጨመርለትም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ብሩን በግድግዳና በቆርቆሮ ይሸሽጋል። የቤት ዋጋም የመኖሪያነቱን ብቻ ሳይሆን የመሸሸጊያነቱንም ዋጋ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ከቤት ዋጋ አንጻር ሲታይ ኪራይ ርካሽ ነው። ተከራዩን የሚያከስረው ለአከራዩ የሚሰጠው 4,000 ብር ሳይሆን ባንክ ያስቀመጠው 600,000 ብር በየዓመቱ የመግዛት አቅሙ መቀነሱ ነው። ኪራዩን ጠልቶ ለመግዛት የሚጣደፍ ሰው ያመመውን ቦታ በትክክል አላወቀም።

በነገራችን ላይ ለቤት መግዣ የተጠራቀመ ገንዘብ ዘካ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም ኒሷብ የሞላና የጨረቃ ዓመት የዞረበት ገንዘብ ለምንም ዓላማ ይቀመጥ ዘካው ይወጣል የሚል ነው። የምሳሌያችን ቤተሰብ ከ600,000 ብሩ 15,000 ብር ይደርስበታል። ኒሷቡ በ85 ግራም ወርቅ ወይስ በ595 ግራም ብር ይለካ የሚለው ዛሬ ሰፊ ልዩነት ስለሚያመጣ የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚኖሩበት ቤት ግን ዘካ የለበትም። ለመሸጥና ለማትረፍ ታስቦ የተገዛ ቦታ የንግድ ዕቃ ስለሚሆን ይታሰብበታል።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። ቤተሰቡ 1 ሚሊዮን ብር ይጎድለዋል። በወር 5,000 ብር እየቆጠቡ ይህን ለመሙላት ወደ 17 ዓመት ይፈጃል፤ ዋጋው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃቸውም። የቀረው በር ከወለድ ነፃ ባንክ ነው። በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ተከተለ፤ ነባሮቹ ባንኮችም በመስኮት ደረጃ አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ውል ሙራበሓ ነው። ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በታወቀ ዋጋ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጥለታል።

ባንኩ 1 ሚሊዮን ብሩን ለአሥር ዓመት ቢሸፍንና በዓመት 15 በመቶ ገደማ ትርፍ በቀሪው ላይ ቢያሰላ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 16,000 ብር፣ የአሥር ዓመቱ ድምር ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን 936 ሺሕ ብር ይሆናል። ቤተሰቡ ኪራዩን ቢያቆምና ቁጠባውን ሁሉ ቢጨምር እንኳ ያለው 9,000 ብር ነው። አይገጥምም። ሙራበሓ ለገዢው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዋጋው በውሉ ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ብር እየረከሰ ደሞዝ እየተስተካከለ ሲሄድ ዛሬ የከበደው ክፍያ በስድስተኛው ዓመት ሊቀል ይችላል። ሰው የሚወድቀው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው፤ ያኔ ነው ልጅ የሚታመመው፣ ያኔ ነው የስፌት መኪናው የሚበላሸው።

ስለዚህ ስሌቱን ከቤቱ ዋጋ ሳይሆን ከቤተሰቡ አቅም መጀመር ይሻላል። ከ9,000 ብሩ 1,500 ለክፉ ቀን ቢተው 7,500 ብር ለክፍያ ይቀራል። በዚያው አካሄድ ይህ ወደ 465 ሺሕ ብር ፋይናንስ ይሸከማል። ከ600,000 ብሩም 100,000 ለስም ዝውውር፣ ለዕቃ ማጓጓዣና ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። 500,000 ሲደመርበት የቤተሰቡ እውነተኛ ጣሪያ 965,000 ብር አካባቢ ነው። ባንኩ ቤቱን የሚገምተው በራሱ መሐንዲስ እንደሆነና ግምቱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ዝቅ እንደሚል፣ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ገበያው 950,000 ያለውን ቤት ባንኩ 700,000 ካለው ልዩነቱን የሚሞላው ገዢው ነው። ቀብድ ከመስጠት በፊት ግምቱን ማስወጣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የውሉን ይዘትም በሚመለከት፣ ባንኩ ንብረቱን በእርግጥ መጀመሪያ ገዝቶ ይሸጣል ወይስ ገንዘቡን በእጅ ይሰጣል፣ ሲዘገይ የሚጣለው ቅጣትስ የት ይገባል ብሎ መጠየቅ የደንበኛው መብት ነው። የሙራበሓ ሐላልነት የተንጠለጠለው በስሙ ላይ ሳይሆን በነዚህ ላይ ነው።

965,000 ብር ካርታ ላለው ቤት ትንሽ መስሎ ሲታያቸው ነው ደላላው የሚመጣው። "ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ፣ 200 ካሬ በ350,000 ብር አለ" ይላል። ሻጩ ገበሬ ነው። ካርታ የለም፤ "ነገ ከተማው ሲሰፋ ይወጣል" ይባላል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ወረቀቱ ላይ "ስጦታ" ወይም "የጎጆ ሽያጭ" ተብሎ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል። ከዚያ በሌሊት ቆርቆሮ ይመታል። ጨረቃ ቤት የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ግዢ የኪራይንም የግዢንም ጉዳት አንድ ላይ የያዘ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ የሌለውን ሊሸጥ አይችልም። ከተማው ሲሰፋ ካሳ የሚከፈለው በመዝገብ ላለው ባለይዞታ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ደግሞ የገበሬው ነው። ገዢው በእጁ ያለው የሽማግሌ ወረቀት ነው። ገበሬው ቃሉን የሚጠብቅ አላህን የሚፈራ ሰው ቢሆን እንኳ ከሞተ በኋላ ልጆቹ "አባታችን አልሸጠም" ሲሉ ወረቀቱ አይረዳም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል መመዝገብ አለበት ይላል። ያላስመዘገበ ገዢ ሻጩ ከካደው የሚቆምበት ጠንካራ መሬት የለውም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ግን ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። ካርታ ያለውን ቤት የስም ዝውውር ወጪን ለመሸሽ በውክልና ብቻ መግዛት ነው። ሻጩ "ለመሸጥ ለመለወጥ" ብሎ ውክልና ይሰጣል፤ ካርታው በሻጩ ስም ይቆያል። ውክልና ግን ሰጪው ሲሞት ያበቃል። በማግስቱ ቤቱ በሟች ስም ያለ የውርስ ንብረት ነው፤ ወራሾች ድርሻቸውን ይጠይቃሉ። ለመቆጠብ የታሰበው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። በ950,000 ብር ቤት ላይ 19,000 ብር ማለት ነው። ለ19,000 ብር ሲባል 950,000 ብር በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ማንጠልጠል ምን ዓይነት ቁጠባ እንደሆነ አይገባንም።

ብዙ ገዢዎች የማይቆጥሩት ሌላ ወጪም አለ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጩ "የአባቴ ይዞታ ነው፣ ግብሩ ኢምንት ነው" ሲል እውነቱን ነው፤ ለእሱ ኢምንት ነው። አዲሱ ገዢ ግን የሊዝ ክፍያ ይጀምራል። ከመዋዋሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ገብቶ በዓመት ምን ያህል እንደሚደርስበት መጠየቅና በወር ክፍያው ላይ መደመር አለበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ፣ ወደ ወለድ አገድ እንለፍ። ለብዙ የአካባቢያችን ሰው ይህ በእርሻ መሬት የታወቀ ነው፤ በከተማ ቤትም ይሠራበታል። ገንዘብ የቸገረው ባለቤት ለምሳሌ 300,000 ብር ይቀበላል፤ ሰጪው ያለ ኪራይ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ከአራት ዓመት በኋላ 300,000 ብሩ ሙሉ ሲመለስ ቤቱን ይለቃል። "ኪራይም አልከፈልኩ፣ ገንዘቤም አልጎደለ" ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ውሉን በዚሁ ስሙ ያውቀዋል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቾንሴ የሚባል የዚህ ዓይነት ሥርዓት በሰፊው ይሠራበታል።

ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ወለዱን የሚያግደው ቤቱ ነው። ብድር ተሰጥቶ በብድሩ ምክንያት አበዳሪው ቅድመ ሁኔታ የገባለትን ጥቅም ሲያገኝ አብዛኞቹ ፉቀሃዎች ሪባ ውስጥ ያስገቡታል። ተበዳሪው ወዶ ፈቅዶ መስማማቱ አይለውጠውም፤ ወለድ የሚከፍል ሰውም ወዶ ነው የሚፈርመው። በአካባቢያችን "ገንዘብ በገንዘብ ላይ አልጨመርኩም፣ ስለዚህ ወለድ አይደለም" እየተባለ ሰው በቅንነት የሚገባበት ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። አራት ዓመት ያለ ኪራይ መኖር ጭማሪ ነው፤ ጭማሪው በብር ሳይሆን በጣሪያ መልክ መጣ እንጂ።

ሃይማኖቱን ለጊዜው ትተን በስሌት ብቻ ብናየውም አያዋጣም። የ4,000 ብር ኪራይ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር አራት ዓመት የሚተርፈው ኪራይ ወደ 258,000 ብር ነው። በዚያው 20 በመቶ ንረት ግን ዛሬ 300,000 ብር የሚገዛውን ዕቃ ከአራት ዓመት በኋላ ለመግዛት ወደ 622,000 ብር ያስፈልጋል። የሚመለሰው 300,000 ነው። ከኪራዩ ያተረፈው ከብሩ ካጣው ያንሳል። ባለቤቱ ያን ቀን ገንዘቡ ከሌለውስ? ኮሪያ ውስጥ በ2022 እና በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቤት ዋጋ ሲወርድ ብዙ አከራዮች የተቀበሉትን መመለስ አቅቷቸው፣ አጭበርባሪም ተጨምሮበት፣ መንግሥት ለተጎጂዎች የተለየ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። ባንክና ኢንሹራንስ ባለበት አገር ይህ ከሆነ በሦስት ምስክር ወረቀት የተሰጠ 300,000 ብር ምን ዋስትና አለው?

ከባለቤቱ ጋር ለመተጋገዝ ከተፈለገ ሐላሉ መንገድ ቀጥተኛ ኪራይ ነው። የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ ኪራዩ ቀድሞ ይከፈላል፤ በምላሹ ወርሃዊው ዋጋ ይቀንሳል። ይህ ኢጃራ ነው፤ ክፍያውን ማስቀደም በራሱ ችግር የለበትም። እዚህ ላይ ግን በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መታየት አለበት። አዋጁ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ በየክልሉ የሚወሰን በመሆኑ የሐይቅ ተከራይ በመጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ውል ይመዘገብ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ባይመዘገብ እንኳ የሁለት ዓመት ዘመንና የጭማሪው ገደብ በጽሑፍ ቢገባ፣ ኪራዩም በባንክ ቢከፈል፣ ሰኔ ላይ የሚመጣው ወሬ ሌላ መልክ ይይዛል። አከራዮችም ሰው ናቸውና የታወቀ፣ የሚከፍል፣ ግቢ የሚያጸዳ ተከራይ ለሁለት ዓመት ማግኘት ብዙዎቹን ያስደስታል። ፈርቶ ሳይጠይቅ የሚቀረው ተከራዩ ነው።

የኪራይ ሌላው ጎን መንቀሳቀስ መቻሉ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻም ከዚያ አልፎ ሩቅ አይደለም። መምህር ወደ ውጫሌ ሊዛወር ይችላል፤ ሚስት ደሴ የተሻለ ገበያ ልታገኝ ትችላለች። በዓመት ውስጥ ቦታ የመቀየር ዕድል ያለው ቤተሰብ የስም ዝውውርና የደላላ ወጪ አውጥቶ መግዛቱ፣ ከዚያም ቸኩሎ መሸጡ ያስቀጣዋል። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲደርስ ስንቱ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እንደወጣ አልረሳነውም። ያን ጊዜ ተከራይ ያጣው ዕቃውን ነበር፤ ባለቤት ግን ጥሪቱን ሙሉ በአንድ ግቢ ትቶ ነው የሄደው። በተቃራኒውም ሲመለሱ ባለቤት የሚገባበት በር ነበረው፤ ተከራዩ ደግሞ በተፈናቃይ በተጨናነቀ ከተማ አዲስ ቤት ይፈልግ ነበር። ከዚህ ልምድ የምንወስደው ያለንን ሁሉ ግድግዳ ውስጥ አለመጨረስ ነው። ከላይ ያስቀመጥነው 100,000 ብር ለዚህም ጭምር ነው።

መግዛትን የሚደግፈው በብር የማይቆጠር ነገርም እንዳለ አንክድም። ግቢ በቀየሩ ቁጥር ቅሬው ይቀየራል፤ ልጁ ቁርኣን የሚቀራበት ቦታ ይቀየራል። ለዚህ ሲሉ በስሌቱ ጥቂት መክፈል የሚመርጡ ቤተሰቦች ቢኖሩ አንቃወማቸውም። የምንለው ያን ጥቂት አውቀው ይክፈሉት ነው።

እንግዲህ የምሳሌያችን ቤተሰብ ምን ያድርግ? በእኛ አስተያየት ለሁለት ዓመት በጽሑፍ ውል ይከራይ። ከ600,000 ብሩ የስድስት ወር ወጪያቸውን የሚሸፍን በእጅ ይቆይ፤ ቀሪው በብር ብቻ አይቀመጥ። የሚስት ወርቅ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በችግር ቀን በአንድ ጠዋት ደሴ ላይ ይሸጣል። የተወሰነውን ሚስት የስፌት ሥራዋን ብታሰፋበት ወርሃዊው 5,000 ብር ራሱ ይለወጣል፤ የቤቱንም ጣሪያ ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ለነገ ግንባታ ብሎ ሲሚንቶ ገዝቶ ማከማቸት ግን አንመክርም፤ በወራት ውስጥ ይደርቃል። ብረትና ቆርቆሮ ይሻላሉ፣ ማስቀመጫ ደረቅ ቦታ ካለ።

በማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሒሳብ ቆጥቦ ቦታ የሚወሰድበት ዕድል ከተከፈተ ይመዝገቡ። በዚህ መንገድ ቦታው የሚገኘው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው። አንድ ነገር ግን ያስታውሱ፤ መስፈርቱ በራስ ወይም በትዳር ጓደኛ ስም ቤትም ቦታም አለመኖር ነው። ዛሬ ቸኩለው የማይሆን ቤት በስማቸው ያዞሩ ሰዎች በዚያ ሰልፍ ላይ መቆም አይችሉም። ቦታው ከተገኘም ውሉ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ አጥሮ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ለሁለት የጀርባ ክፍሎች የሚበቃ ገንዘብና ቆርቆሮ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ዋናው ቤት ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በሁለቱ ዓመት መካከል 965,000 ብር ውስጥ የሚገባ ካርታ ያለው ቤት ከመጣ ደግሞ ኪራዩን ትተው ይግዙ። ቀብድ ከመስጠታቸው በፊት ከሻጩ ጋር አብረው ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ። ፋይሉ ይውጣና ካርታው ላይ ያለው ስም፣ ካሬው፣ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ ያሉት ሁሉ ይቅረቡ፤ አንዱ ወንድም ሳዑዲ ነው ከተባለ ውክልናው ይምጣ። ሻጩ "በእኔና በአንተ መካከል ማዘጋጃ ቤት ምን ያደርጋል፣ የአንድ መስጊድ ሰዎች አይደለን?" ካለ ገንዘቡን ከኪሳቸው አያውጡ።